«ለልጆች የተሠራ» ሲባል ምን ይዘጋል?

ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ የሚጭን ሰው ሁሉ ሊዘላት የማይችላት አንዲት ጥያቄ አለች። ርዕስ ጽፎ፣ የሽፋን ፎቶ መርጦ ወደ ታች ሲወርድ "Yes, it's made for kids" እና "No, it's not made for kids" የሚሉ ሁለት አማራጮች ይጠብቁታል። የፖለቲካ ትንታኔ የሚሰጠውም፣ የዶሮ ወጥ አሠራር የምታሳየውም፣ ለሕፃናት ተረት የሚተርከውም እኩል ይጠየቃሉ። ብዙው ሰው ቆም ብሎ ሳያስብበት «አይደለም» ብሎ ያልፋታል። ከቪዲዮው ሥር ሰው ሐሳቡን መጻፍ ይችል እንደሆነ፣ አዲስ ሥራ ሲወጣ ተመልካቹ ይነገረው እንደሆነ፣ ቪዲዮው ከመጀመሩ በፊት የሚመጣው ማስታወቂያም በምን ተመርጦ እንደሚመጣ የሚወሰነው ግን እዚያች ቦታ ላይ ነው።

ጥያቄዋን ያመጣት የገንዘብ ቅጣት ነው። አሜሪካ በ1998 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በምህፃሩ ኮፓ የሚባል፣ ልጆች ኢንተርኔት ላይ ያላቸውን ግላዊነት የሚጠብቅ ሕግ አወጣች። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፦ ዕድሜው ከ13 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መረጃ መሰብሰብ የፈለገ ድርጅት አስቀድሞ ለወላጅ ያሳውቅ፣ ያስፈቅድም። መጀመሪያ ላይ «መረጃ» ሲባል ሰው የሚያስበው ስም፣ አድራሻና ስልክ ቁጥር ነበር። በ2013 የተሻሻለው ደንብ ግን አንድን ስልክ ወይም ኮምፒውተር ከሌላው ለይቶ በየሄደበት ለመከታተል የሚያስችለውን መለያ ቁጥርም የልጅ የግል መረጃ አደረገው። ኩኪ የሚባለው ነገር የሚይዘው እንዲህ ያለውን ቁጥር ነው። ለግለሰቡ ታስቦ የሚመረጥ ማስታወቂያ የሚቆመው ደግሞ በዚሁ ቁጥር ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ጠቡ የማይቀር ነበር።

ጠቡ የፈነዳው በመስከረም 2019 ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና የኒውዮርክ ግዛት ዋና ዐቃቤ ሕግ ጎግልንና ዩቲዩብን ከሰሱ፤ ነገሩ በስምምነት ሲዘጋ ኩባንያው 170 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በክሱ ውስጥ ለእኔ ከገንዘቡ ይልቅ የሚገርመኝ ዩቲዩብ በሁለት ምላስ ተናገረ የተባለው ነው። ባርቢን ለሚሠራው ማቴልና ለሌላው የመጫወቻ አምራች ለሃስብሮ ማስታወቂያ ሲሸጥ፣ ልጆችን በማግኘት ረገድ ከእኔ የሚቀድም የለም እያለ ይኩራራ ነበር። ሕጉን ስለማክበር ሲነሣ ደግሞ ከ13 ዓመት በታች ተጠቃሚ የለኝም፣ ስለዚህ ኮፓ አይመለከተኝም ይል ነበር።

ስምምነቱ ዩቲዩብ ቪዲዮ ጫኞች ሥራቸው ለልጆች የታሰበ መሆኑን የሚገልጹበት መንገድ እንዲያበጅ አስገደደው። ከጥር 2020 መጀመሪያ ጀምሮም በዚያ ምልክት ላይ ተመሥርቶ አሠራሩን ለወጠ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ የቀረው ሁሉ የሚመነጨው ከሱ ነው። የአንድ ቤት ስልክ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ አያት እየተቀባበለ የሚውል ዕቃ ስለሆነ፣ ማን እንደያዘው ዩቲዩብ በእርግጠኝነት ማወቅ አይችልም። ስለዚህ ተመልካቹን መለየቱ ቀረና ምልክቱ ቪዲዮው ላይ ተለጠፈ። ለልጆች የተሠራ የተባለን ቪዲዮ የከፈተ ሁሉ፣ የሰባ ዓመት ሽማግሌም ቢሆን፣ ዩቲዩብ ከሱ የሚያገኘውን መረጃ ከልጅ እንደመጣ አድርጎ ይይዘዋል።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ እንየው። አንዲት የአዲስ አበባ መምህርት በአሻንጉሊቶች ሀ ሁን የሚያስተምር የአራት ደቂቃ መዝሙር ሠርታ ጫነች እንበል፤ በመለያውም ላይ ለልጆች የተሠራ መሆኑን በትክክል ገለጸች። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እናት ደግሞ ልጇ አማርኛ እንድትለምድ ፈልጋ ይህንኑ መዝሙር በራሷ ስልክ፣ በራሷ አካውንት ከፈተችው። እናትየዋ ጎልማሳ ናት፤ ዩቲዩብም የልደት ቀኗን ከተመዘገበች ጀምሮ ያውቀዋል። ይሁንና አሁን የሚያስተናግዳት እንደ ልጅ ነው።

መዝሙሩ አልቆ ልጅቷ «ድገሚልኝ» ስትል፣ እናትየዋ መምህርቷን ልታመሰግን ወደ ታች ትወርዳለች። ኮሜንት የሚጻፍበት ቦታ ዝግ ነው። አስተያየት እንደማይቻል የምትገልጽ አንዲት መስመር ብቻ ታያለች። ቦታው የተዘጋው ስድብን ፈርቶ ይመስለን ይሆናል፤ ምክንያቱ ግን ሕጉ «መሰብሰብ» የሚለውን ሰፋ አድርጎ ስለሚተረጉመው ነው። ልጅ ስሙን፣ ትምህርት ቤቱን ወይም ስልኩን በአደባባይ እንዲጽፍ ዕድል መስጠትም መረጃ እንደ መሰብሰብ ይቆጠራል። የስድስት ዓመት ልጅ ኮሜንት ላይ «ስሜ እገሌ ነው፣ የምማረው እዚህ ነው» ብሎ ቢጽፍ ቦታውን ያዘጋጀው ድርጅት ይጠየቅበታል። በቀጥታ ሥርጭት ጎን የሚሄደው የጽሑፍ ጭውውትም በዚሁ ምክንያት ይዘጋል። ጉዳቱ ለመምህርቷም ነው። የትኛው ፊደል ላይ ልጆች እንደሚቸገሩ፣ ዜማው ፈጥኖ እንደሆነ፣ ከወላጆች የምትሰማበት መንገድ ይቋረጣል።

ይህን ከሌላ መዘጋት ጋር የሚያምታቱት አሉ። በየካቲት 2019፣ ስምምነቱ ገና ሳይደረስ፣ አንዳንድ አዋቂዎች ልጆች በሚታዩባቸው ተራ ቪዲዮዎች ሥር የሚያሳፍር ነገር እየጻፉ እንደሚጠቋቆሙ ይፋ ወጣ። ትልልቅ ኩባንያዎች ማስታወቂያቸውን አቆሙ፤ ዩቲዩብም ልጆች የሚታዩባቸውን እጅግ ብዙ ቪዲዮዎች ኮሜንት ዘጋ። ስለዚህ ለዘመድ ብላችሁ የጫናችሁት የልደት በዓል ቪዲዮ ኮሜንቱ ተዘግቶ ብታገኙት፣ የግድ ለልጆች የተሠራ ተብሎ ላይሆን ይችላል። ለመለየት ደወሏን ማየት ነው። ኮሜንቱ ዝግ ሆኖ ደወሏ እየሠራች ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው።

የአማርኛ ዩቲዩበር ሁሉ ቪዲዮውን ሲከፍት «ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏን ተጫኑ» ማለቱ አይቀርም። መምህርቷ ይህን ብትል ግማሹ ከንቱ ልመና ነው። ሰብስክራይብ የሚለው ቁልፍ በቦታው አለ፤ ደወሏ ግን ለልጆች በተሠራ ቪዲዮ ላይ አትሠራም። ቻናሉ በሙሉ ለልጆች ተብሎ ከተመዘገበ ደግሞ የቻናል አባልነትና ለተከታዮች የሚለጠፉ አጫጭር መልእክቶችም አብረው ይጠፋሉ። በቪዲዮው መጨረሻ ላይ «ቀጣዩን እዩ» የሚሉት ሣጥኖች፣ በመሐል ብቅ የሚሉት ካርዶች፣ «በኋላ አየዋለሁ» ብሎ ማስቀመጥ፣ የራስ ዝርዝር ውስጥ መክተት፣ የገንዘብ መለገሻ ቁልፍ፣ ሁሉም የሉም። በዩቲዩብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቪዲዮው ሳይነካ በራሱ የሚጫወተውም ይቆማል።

ተመልካችን አስታውሶ መልሶ የሚያመጣው መሣሪያ የተባለ ሁሉ ተነቀለ ማለት ነው። እናትየዋ መዝሙሩን ወድዳው ለነገ ማስቀመጥ ብትፈልግ አትችልም፤ ነገ በስሙ ፈልጋ ማግኘት አለባት። ሀ ሁ ስትጨርስ ሁለተኛው ክፍል እንደወጣ የሚነግራት የለም። ቪዲዮው ግን ከሰው ዓይን ተሰወረ ማለት አይደለም። ዩቲዩብ እንደሚለው ለልጆች የተሠሩ ቪዲዮዎች ከመሰሎቻቸው አጠገብ የመቅረብ ዕድላቸው የሰፋ ነው። ሀ ሁ ካለቀ በኋላ ሌላ የልጆች መዝሙር ሊመጣ ይችላል፤ የመምህርቷ ሁለተኛ ክፍል ስለመሆኑ ግን ዋስትና የለም። አብዛኛውን ጊዜ ጎልቶ የሚታየው ትልቁ፣ ቀድሞ ሚሊዮኖች ያዩት ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ጋሬት ጆንሰንና ባልደረቦቹ ከለውጡ በፊትና በኋላ የነበሩትን የልጆች ቻናሎች አጥንተው ነበር። ቻናሎቹ የሚያወጡት ቪዲዮ በ13 በመቶ ቀነሰ፣ የተመልካች ቁጥራቸው ደግሞ በ22 በመቶ ወረደ፤ የቀረው ተመልካችም ወደ ትልልቆቹ ቻናሎች ይበልጥ ተጠቃለለ። ቪዲዮን ከሚፈልገው ሰው ጋር የማገናኘቱ አቅም ሲዳከም፣ ስሙ አስቀድሞ የታወቀው ይጠቀማል። ልጆችን ለመጠበቅ የወጣ ደንብ ለትንሹ አዘጋጅ ዳገት፣ ለትልቁ ሜዳ ሆነ ማለት ይቻላል። ደንቡ መውጣት አልነበረበትም ለማለት አይደለም፤ ዋጋውን ማን እንደከፈለ ለማየት ነው።

ወደ ማስታወቂያው እንምጣ። ብዙ ሰው የልጆች ቪዲዮ ማስታወቂያ የለውም ብሎ ያስባል። አለው፤ ለአዘጋጁም ገንዘብ ያመጣል። የሚለወጠው አመራረጡ ነው። እናትየዋ ሰሞኑን ለገና ወደ አዲስ አበባ የምትመጣበት የአውሮፕላን ትኬት ስትፈልግ ሰንብታለች እንበል። የምግብ አሠራር ስታይ፣ ዜና ስትከፍት፣ የትኬት ማስታወቂያ ይከተላታል፤ መለያ ቁጥሯ ምን ስትፈልግ እንደነበር ይናገራልና። የሀ ሁ መዝሙር ላይ ግን ያ ታሪኳ ለማስታወቂያ መምረጫነት አያገለግልም። እዚያ የሚመጣው ማስታወቂያ የሚመረጠው ቪዲዮው ስለ ምን እንደሆነ፣ በምን ቋንቋ እንደሆነ፣ ተመልካቹ በጥቅሉ በየትኛው አገር እንዳለ በማየት ነው። እንደ ድሮው ቴሌቪዥን ነው፤ በልጆች ሰዓት የሚመጣው ማስታወቂያ ለሁሉም ቤት አንድ ነበር፣ ማን እንደተቀመጠ ጣቢያው አያውቅም።

ከዚህ በተጨማሪ እዚያ ጨርሶ የማይገቡ የማስታወቂያ ዓይነቶች አሉ። ቁማር፣ የፍቅር ጓደኛ ማፈላለጊያ፣ ፖለቲካ፣ ምግብና መጠጥም ሳይቀር በዩቲዩብ ደንብ ለልጆች በተሠራ ቪዲዮ ላይ አይፈቀዱም። የሚወዳደረው አስተዋዋቂ ሲያንስ ዋጋው ይወርዳል፤ የአዘጋጁም ድርሻ አብሮ ይወርዳል። ለዚህ ነው ብዙ የልጆች ቻናል ባለቤቶች በ2019 መጨረሻ ላይ የጮኹት።

ጩኸቱ «አይደለም» የሚለውን የመምረጥ ፈተና አመጣ። ቁልፉ በአዘጋጁ እጅ ነው፣ ጥቅሙም በዚያው በኩል ነው። ፈተናው ትንንሾቹን ብቻ እንዳልነካ የዲዝኒ ጉዳይ ያሳያል። ዲዝኒ ዩቲዩብ ላይ ብዙ ቻናሎች አሉት፤ ምልክቱንም የሚያደርገው በየቪዲዮው ሳይሆን በቻናል ደረጃ ነበር። ቻናሉ «ለልጆች አይደለም» ከተባለ በውስጡ የሚጫነው የልጆች ቪዲዮ ሁሉ ያንኑ ምልክት ይወርሳል። በ2020 አጋማሽ ዩቲዩብ ራሱ ከ300 በላይ የዲዝኒ ቪዲዮዎችን ወደ «ለልጆች የተሠራ» እንደቀየረ ለኩባንያው አስታወቀ። ከነሱ ውስጥ ፍሮዝን፣ ቶይ ስቶሪና ኮኮን ከመሳሰሉ ፊልሞች የተወሰዱ ነበሩ። ኮሚሽኑ እንደሚለው ዲዝኒ ከዚያም በኋላ በቻናል ደረጃ ምልክት የማድረግ ልማዱን አልተወም። በመስከረም 2025 ጉዳዩ በ10 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ።

የምልክቱ ስሕተት ልጁ ላይ የሚያደርሰውም እዚህ ክስ ውስጥ ተዘርዝሯል። ቪዲዮው ለልጆች አይደለም ከተባለ ከሚያየው ልጅ መረጃ ይሰበሰባል፣ ለዚያ ልጅ ተብሎ የተመረጠ ማስታወቂያም ይቀርባል። ሌላው ብዙም የማይነገርለት ነው፦ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ በራሱ የሚቀጥለው ሌላ ለልጆች ያልተባለ ቪዲዮ ይሆናል። የካርቱን ቁራጭ ከፍታችሁ ለልጅ ስልኩን ሰጥታችሁ ወጥ ልታማስሉ ብትነሡ፣ ሦስተኛው ቪዲዮ ላይ ምን እንደሚገኝ በአዘጋጁ ምልክት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የሌለ አዘጋጅ ይህ ሕግ እኔን አያገኘኝም ሊል ይችላል። ሕጉ ቢያገኘውም ባያገኘውም ዩቲዩብ ጥያቄዋን በየትም አገር ላለ ቻናል ያቀርባል፤ ምልክቱን አይቶ የሚያስተካክል የኮምፒውተር ሥርዓትም አለው። ዩቲዩብ ለልጆች ነው ብሎ የወሰነውን ቪዲዮ አዘጋጁ መልሶ መቀየር አይችልም፣ ይግባኝ ማለት ነው ያለው። አሜሪካ ላሉት ደግሞ ኮሚሽኑ በወቅቱ ለአንድ ጥሰት እስከ 42,530 ዶላር ሊያስቀጣ እንደሚችል ገልጾ ነበር።

ታዲያ የትኛው ነው ለልጆች የተሠራ የሚባለው? መመዘኛው የሚያየው ርዕሱን፣ ገጸ ባሕርያቱን፣ መጫወቻዎቹን፣ ዜማውን፣ ቋንቋው ለልጅ የቀለለ መሆኑን፣ ከሁሉም በላይ የታሰበው ለማን እንደሆነ ነው። ቪዲዮው ውስጥ ልጅ ስለታየ ብቻ አይወሰንም። ያችው መምህርት ነገ ወላጆችን አስቀምጣ «ልጃችሁን በቤት ውስጥ ፊደል እንዴት ታስቆጥሩታላችሁ» ብትል፣ የራሷ ልጅ ጎኗ ተቀምጣ ብትቆጥርም እንኳ፣ ተናጋሪዋ የምታነጋግረው ትልልቅ ሰዎችን ነው፤ «አይደለም» ብላ መመዝገብ ትችላለች። ወላጅና ልጅ አብረው እንዲያዩት የታሰበ ከሆነ ግን ልጆች ከታሰቡት ተመልካቾች አንዱ ስለሆኑ ምልክቱ ይገባዋል። ሁለቱን ዓይነት ሥራ የሚሠራ ሰው ታዲያ ቻናሉን በጅምላ ከመመዝገብ ይልቅ በየቪዲዮው መወሰን ይሻለዋል፤ ዲዝኒም የተያዘው እዚያ ላይ ነው።

ወላጆች ከዚህ ምልክት ሊጠብቁት የማይገባ ነገርም አለ። ለልጆች የተሠራ ማለት ጥሩ ነው ወይም አደጋ የለውም ማለት አይደለም፤ የጥራት ማረጋገጫ ማኅተም አይደለም። ለልጆች አልተሠራም ማለትም ልጅ ማየት የለበትም ማለት አይደለም፤ ከ18 ዓመት በታች እንዳይታይ የሚደረገው ሌላ መለያ ነው። ዩቲዩብ ኪድስ የሚባለው ለብቻው ያለ መተግበሪያም የራሱ መምረጫ ስላለው ምልክቱ ብቻውን ቪዲዮውን እዚያ አያስገባውም። ከሁሉም ይልቅ ደግሞ፣ ምልክቱ የሚነካው ዩቲዩብ ራሱ የሚያስገባውን ማስታወቂያ እንጂ ቪዲዮው ውስጥ የተዋሐደውን አይደለም። አንድ ልጅ አሥር ደቂቃ ሙሉ የመጫወቻ ሣጥን እየከፈተ ሲደነቅ የሚያሳይ ቪዲዮ ሙሉ በሙሉ ምልክቱን አክብሮ፣ ሙሉ በሙሉ ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል።

አሁን ነገሩ ከቪዲዮው ወደ ተመልካቹ እየተመለሰ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ፣ ተመልካቹ ለአካለ መጠን እንዳልደረሰ በበቂ እርግጠኝነት የሚያውቅ መድረክ ስለ ግለሰቡ በሰበሰበው መረጃ ማስታወቂያ እንዳያቀርብለት ይከለክላል፤ ቪዲዮው የምንም ይሁን የምን። ዩቲዩብም ከነሐሴ 2025 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ተጠቃሚው ከ18 ዓመት በታች መሆኑን በሚፈልጋቸውና በሚያያቸው ቪዲዮዎች፣ በአካውንቱም ዕድሜ ለመገመት መሞከር ጀምሯል። በዲዝኒ ስምምነት ውስጥም ይኸው መንገድ ተከፍቷል። ኩባንያው የየቪዲዮውን ምልክት የሚመረምር አሠራር ለአሥር ዓመት እንዲያካሂድ ታዟል፤ ዩቲዩብ የተጠቃሚዎቹን ሁሉ ዕድሜ የሚለይበት ዘዴ በሥራ ላይ ካዋለ ግን ይህ ግዴታ ይቀራል። ዕድሜ የመገመቱ ዘዴ ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው። በስሕተት ልጅ ነህ የተባለ ጎልማሳ አለመሆኑን ለማሳየት መታወቂያውን፣ ክሬዲት ካርዱን ወይም የፊቱን ፎቶ ለዩቲዩብ ማቅረብ አለበት።